«ሁለቴ ቆረጡብኝ» ብሎ አንድ ኮከብ ለሰጠ እንግዳ ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው?

ጥያቄ፦ «ሆቴል ውስጥ የሪሰፕሽን ሱፐርቫይዘር ነኝ። አንድ እንግዳ አንድ ኮከብ ሰጥቶ እንዲህ ጻፈብን፦ "ሁለት ሌሊት አደርን፣ ሁለቱንም ጠዋት ሙቅ ውሃ የለም። ሪሰፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን ሳታየን ይመጣል ትላለች። ቁርሱ ቀዝቃዛ። ከወጣን በኋላ ደግሞ ሁለቴ ገንዘብ ቆርጠውብኛል። ሌቦች ናቸው፣ እንዳትሄዱ።" የውሃው እውነት ነው፣ ቦይለሩ ተበላሽቶ ነበር። ሁለቴ መቁረጡ ግን ውሸት ነው። ባለቤቱ በጣም ተናዶ "ሌባ አለመሆናችንን በማስረጃ አሳዪው" አለኝ። እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤቱን አረጋጊው። ያ እንግዳ የፈለግሽውን ብትጽፊ ሀሳቡን የመቀየሩ እድል ትንሽ ነው፣ ምናልባት መልስሽን አንዴ ያነበዋል ምናልባትም ጭራሽ አያየውም። መልሱን ደጋግሞ የሚያነበው ገና ክፍል ያልያዘው ሰው ነው፣ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሶስት ሆቴል ከፍቶ የሚያወዳድረው። እሱ ደግሞ አምስት ኮከቦቹን ዘሎ በቀጥታ መጥፎዎቹን ነው የሚከፍተው፣ ምክንያቱም ጥሩዎቹ ሁሉም አንድ አይነት ናቸው። ያ ሰው በጭንቅላቱ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፦ ይሄ ነገር እኔ ላይ ይደርሳል ወይ፣ ከደረሰስ እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጉኛል? መልስሽ ውስጥ ያለ አንድም አረፍተ ነገር ከሁለቱ ለአንዱ መልስ ካልሆነ ቆርጠሽ ጣይው። «የእንግዶቻችን እርካታ ቀዳሚ አላማችን ነው» የሚለው ለሁለቱም መልስ አይደለም፣ ስለዚህ ይውጣ።

አሁን ያንቺን ጉዳይ ልያዘው። ሪቪው ላይ ያለውን ነገር መጀመሪያ በየነገሩ ለያዪው፣ አራት ክስ ነው ያለው፦ ውሃ፣ የሪሰፕሽን ልጅ፣ ቁርስ፣ ገንዘብ። «ሌቦች ናቸው» የሚለው ክስ አይደለም፣ ከገንዘቡ የመጣ ንዴት ነው፣ ገንዘቡ ከተብራራ አብሮ ይበርዳል። ከዛ ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ጻፊ፣ አንደኛው እንግዳው በአይኑ ያየው ምንድነው፣ ሁለተኛው የኛ መዝገብ ምን ይላል። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ከዛ መዝገቡ «ልክ ነን» ካለው በቃ እንግዳው ውሸታም ነው ብሎ ይደመድማል። በኔ ልምድ ግን ሆን ብሎ የሚዋሽ እንግዳ ጥቂት ነው፣ ውሸት የሚመስለው ክስ ስር ሁሌ ማለት ይቻላል ሰውየው በትክክል ያየው አንድ ነገር አለ፣ ያየውን ነገር የተረጎመበት መንገድ ነው የተሳሳተው። ያንን ያየውን ነገር ካገኘሽው መልሱ ግማሹ ተጻፈ ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ሁለቴ ቆረጡ» የሚለው በሆቴል ስራ በጣም የተለመደ ነው። እንግዳው ቼክ ኢን ሲያደርግ ካርዱ ላይ ፕሪ-ኦቶራይዜሽን ይወሰዳል አይደል፣ ገንዘቡ ወደናንተ አይገባም፣ ባንኩ ለጊዜው ይይዘዋል። ቼክ አውት ሲያደርግ ትክክለኛው አሰራር እዛው የተያዘው ላይ ሂሳቡን ማጠናቀቅ ነው። ግን ጠዋት ሰልፍ ሲበዛ፣ ወይ ልጁ አዲስ ከሆነ፣ የድሮውን ፈልጎ ማጠናቀቁን ይተውና ካርዱን እንደገና ተቀብሎ አዲስ ሽያጭ ይሰራል። ያኔ የተያዘው ገንዘብ ካልተለቀቀ ዝም ብሎ እዛው ይቀመጣል። እንግዳው ቤቱ ገብቶ የባንክ አፑን ሲከፍት ሁለት መስመር ያያል፣ አንዱ የተከፈለ፣ አንዱ በሂደት ላይ ያለ፣ ሁለቱም ባንቺ ሆቴል ስም። የክሬዲት ካርድ ሰው ከሆነ ብዙም አይሰማውም፣ ዴቢት ከሆነ ግን የራሱ ጥሬ ገንዘብ ነው የታሰረው፣ ሱፐርማርኬት ቆሞ ካርዱ እምቢ ሊለው ይችላል። ታዲያ ይሄ ሰው «ሁለቴ ቆረጡብኝ» ሲል ዋሸ ይባላል? ያየውን ነው የተናገረው።

እና ቁጭ ብለሽ አንድ ቃል ከመጻፍሽ በፊት ሂሳብ ክፍል ሄደሽ የዛን ቀን የካርድ ማሽኑን የመዝጊያ ሪፖርት አስወጪ፣ ከእንግዳው የሂሳብ ዝርዝር፣ ከፎሊዮው ጋር አስተያዪው። በዛ ካርድ የተዘጋው ግብይት አንድ ብቻ ከሆነና ሁለተኛው ሆልድ፣ ማለትም ለጊዜው የተያዘ ገንዘብ ብቻ ከሆነ እንደገመትኩት ነው ማለት ነው፣ ያልተለቀቀ ከሆነም ዛሬውኑ ይለቀቅ። ሁለቱም ተዘግተው ከተገኙ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በእርግጥም ሁለቴ ቆርጣችኋል፣ ያኔ መልስ መጻፉ ይቆይና ገንዘቡ መጀመሪያ ይመለስ፣ ለእንግዳውም ተደውሎ ይነገረው፣ ከዛ ነው ወደ ሪቪው የሚኬደው። «ውሸት ነው» ያልሽው ባለቤቱ ስላለ ነው ወይስ ሪፖርቱን አይተሽ? ጥያቄሽ ላይ አልገባኝም፣ ስለዚህ አጣሪ። ከታች የምጽፍልሽ ረቂቅ ሆልድ ነው ብዬ ነው።

ባለቤቱ ያለው የማስረጃ ነገር። ተናዶ ነው እንጂ እሱም ሲረጋጋ ይገባዋል፣ ፎሊዮ፣ የካርድ የመጨረሻ ቁጥሮች፣ የክፍል ቁጥር፣ ከማን ጋር እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ እነዚህ አንዳቸውም ሪቪው መልስ ላይ አይወጡም። ትሪፕአድቫይዘርም ጉግልም የሰው የግል መረጃ ያለበትን መልስ አይፈቅዱም፣ አውሮፓ ላሉ ሰዎች ክፍል የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ህግ ሊመለከታችሁ ይችላል። ህጉን ብንተወው እንኳን ያ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የሚያነበው ሰው የሌላ እንግዳ ሂሳብ አደባባይ ተዘርግቶ ሲያይ የሚያስበው «ነገ ከተጣላሁ የኔንም ያወጡታል» ብሎ ነው። ማስረጃው ትክክል በሆነ ቁጥር ፍርሀቱ ይጨምራል እኮ። መውጫው ቀላል ነው፣ ስለሰውየው አታውሪ፣ ስለ አሰራሩ አውሪ። «የእርስዎ ካርድ ላይ ይህን ያህል ይዘን ይህን ያህል ለቀናል» የሚለውን ተይና «እንግዶቻችን ሲገቡ ካርዳቸው ላይ የተወሰነ ገንዘብ ለጊዜው ይያዛል፣ ይሄ ሳይለቀቅ የባንክ መግለጫ ላይ ሁለት መስመር ይታያል» በይ። መልእክቱ ያው ነው፣ ማንንም አላጋለጥሽም፣ አዲሱ አንባቢ ደግሞ ነገ እሱም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር አስቀድሞ አወቀ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ባለቤቶች ሁሌ በጣም ያቃጠላቸውን ነገር አስቀድመው ነው የሚጽፉት፣ እናንተ ጋ ያ የሌብነቱ ክስ ነው። በሱ ከጀመርሽ ግን አንባቢው የሚያየው የመጀመሪያ ነገር ሆቴሉ ራሱን ሲከላከል ነው፣ ከዛ በኋላ ስለ ቦይለሩ ይቅርታ ብትይም ለመልክ ያህል ይመስላል። እውነት የሆነውን አስቀድሚ። ስለ ውሃው ያለ ምንም ዙሪያ ጥምጥም «ልክ ነዎት፣ አልነበረም» ስትይ አንባቢው እነዚህ ሰዎች ሲያጠፉ ያምናሉ ብሎ ይይዛል፣ ስለዚህ ሶስት መስመር ዝቅ ብሎ ስለ ገንዘቡ «እንዲህ አይደለም» ስትይው ያምንሻል። ጥፋት ማመን እዚህ ጋ ትህትና ብቻ አይደለም፣ ለማስተካከያሽ የምትከፍይው ቅድሚያ ክፍያ ነው።

ይቅርታው ላይ ደግሞ «ቅር ተሰኝተው ከሆነ» አይባልም። ሰውየው ቅር መሰኘቱን አንድ ኮከብ ሰጥቶ ነግሮሻል፣ «ከሆነ» ምን ይሰራል? «የተፈጠረው ችግር» የሚለውም እንደዛው ነው፣ ችግሩ ራሱን የፈጠረ ያስመስለዋል። ውሃው አልነበረም፣ ጥገናው ዘገየ፣ እኛ አላሳወቅንም፣ በቃ፣ ማን ምን እንዳደረገ ይታወቅ። ምክንያቱን መናገር ጥሩ ነው ግን አንድ አረፍተ ነገር ይበቃዋል። የቦይለሩን ታሪክ፣ መለዋወጫው ከየት እንደመጣ፣ ቴክኒሻኑ ለምን እንዳረፈደ መተረክ ከጀመርሽ ሰበብ ይሆናል። አንባቢው የሚፈልገው ተስተካክሏል ወይ የሚለውን ነው፣ መቼ እንደተስተካከለ ከሜንቴናንስ ሎጉ አውጥተሽ ጻፊ። «አስፈላጊውን እርምጃ ወስደናል» የሚል ነገር ማንም አያምንም፣ የትኛው እርምጃ?

ስለ ሪሰፕሽኗ ልጅ። ይሄ ከባዱ ነው፣ ምክንያቱም ቀና ብላ ታይ አትታይ ካሜራም ሎግም ሊነግርሽ አይችልም። ልጅቷን ለብቻዋ ጠይቂያት፣ ግን መልስሽ ላይ አትከላከዪላትም፣ አሳልፈሽም አትሰጫትም። «ሰራተኛችን ትሁት ናት» ብትይ እንግዳውን ውሸታም እያልሽው ነው፣ «ሰራተኛዋ ተቀጥታለች» ብትይ ደግሞ አንባቢው ሆቴሉ ሲጨንቀው ሰራተኛውን እንደሚሰዋ ያያል፣ ሌሎች ሰራተኞችሽም ያነቡታል አትርሺ። ማረጋገጥ የምትችይው ሌላ ነገር አለ፣ የሺፍት ማስረከቢያ መዝገቡን ክፈቺና የመጀመሪያው ቀን ጠዋት «ሙቅ ውሃ የለም» የሚል ቅሬታ ተመዝግቧል ወይ? ካልተመዘገበ ማታ የገባው ሺፍት ምንም ሳያውቅ ነው ያደረው ማለት ነው፣ ለዛ ነው ሰውየው ሁለተኛ ጠዋትም ያው መልስ ያገኘው። ያኔ ጥፋቱ የልጅቷ ፊት ሳይሆን እንግዳውን ማንም መረጃ ሳይሰጠው፣ ሌላ ክፍልም ሳይቀርብለት ማስጠበቁ ነው። እሱን በኛ ስም ውሰጂው። ልብ በይ፣ እንግዳው ከቀዝቃዛው ውሃ በላይ የተናደደው «ይመጣል» በሚለው ነው፣ ቦይለር የትም ሆቴል ይበላሻል፣ አንባቢውም ያውቃል።

ቁርሱ ላይ ብዙ አትድከሚ። ሰውየው ከተናደደ በኋላ ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ወጥ ቤቱን ጠይቀሽ እውነት የሚስተካከል ነገር ካለ አንድ ሀረግ ጨምሪ፣ ከሌለ «ስለ ቁርሱም የነገሩንን ለወጥ ቤታችን አድርሰናል» በቂ ነው፣ መጀመሪያ ግን በእርግጥ አድርሺ። ጭራሽ ብትዘይውም ማንም አይከስሽም፣ እኔ ግን አልዘልም፣ አራት ክስ አንብቦ የመጣ ሰው የሶስቱን መልስ ካገኘ አራተኛውን ለምን ዘለሉት ይላል።

እሺ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፣ ቀኖቹንና ዝርዝሩን በራስሽ መዝገብ ቀይሪው፦

«ውድ እንግዳችን፣ በሁለቱም ጠዋት ሙቅ ውሃ አልነበረም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቦይለሩ ተበላሽቶ ጥገናው ያለቀው ከሁለተኛው ጠዋት በኋላ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በትክክል እየሰራ ነው። ውሃው መቼ እንደሚመለስ ልንነግርዎትና ሌላ ክፍል ልናቀርብልዎት ሲገባ "ይመጣል" እያልን ማስጠበቃችን ደግሞ ከብልሽቱ የባሰ ጥፋት ነው። አሁን እንዲህ ያለ ቅሬታ በመዝገብ ተጽፎ ተረኛው ማናጀር እንግዳውን ራሱ እንዲያነጋግር አድርገናል። ስለ ቁርሱ የነገሩንንም ለወጥ ቤታችን አድርሰናል።

ክፍያውን በተመለከተ፦ እንግዶቻችን ሲገቡ ካርዳቸው ላይ የተወሰነ ገንዘብ ለጊዜው ይያዛል፤ ወደ እኛ ግን አይገባም። ይህ ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ የባንክ መግለጫ ላይ ከዋናው ሂሳብ ጋር ሁለት መስመር ሆኖ ስለሚታይ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ይመስላል። ይህንን ሲገቡ በግልጽ መንገር የእኛ ድርሻ ነበር። እኛ ከለቀቅን በኋላ የሚወስደው ጊዜ እንደየባንኩ ይለያያል፤ እስካሁን ያልተመለሰ ካለ ይደውሉልኝ፣ ለባንክዎ የሚያቀርቡትን የመልቀቂያ ማረጋገጫ በዚያው ቀን እልክልዎታለሁ።

(ስም)፣ የሪሰፕሽን ሱፐርቫይዘር፣ (የሆቴሉ ስልክና ኢሜይል)»

እዪው፣ «ሌባ» የሚለው ቃል መልሱ ውስጥ የለም። «ሌቦች አይደለንም» ብለሽ ብትጽፊ ቃሉን አንቺው ደገምሽው፣ ሪቪውው ላይ አንዴ የነበረው ገጹ ላይ ሁለት ሆነ፣ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ቃሉን ነው ይዞ የሚሄደው። «ሁለት ጊዜ የተከፈለ ይመስላል» የሚለውም ሆን ተብሎ ነው የገባው፣ እንግዳው ያየውን ነገር አየ ብለን እየመሰከርንለት ነው፣ ስለዚህ ማስተካከያው ክርክር አይመስልም። ማስተካከያው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የተነገረው። ሰው ሲናደድ ያንኑ ነገር በሶስት መንገድ ይደግማል፣ «በፍጹም አልቆረጥንም፣ ሲስተማችንም አይፈቅድም፣ በሆቴላችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም»፣ እያንዳንዱ ድግግሞሽ አንባቢውን ይበልጥ ያጠራጥረዋል። የመጨረሻው ደግሞ ነገ ሌላ እንግዳ መጥቶ ሊያፈርሰው ይችላል።

ርዝመቱን በተመለከተ ይሄ ረቂቅ ራሱ ወደ ላይኛው ጫፍ ነው፣ አራት ክስና አንድ የሚብራራ ነገር ስላለው ነው እንጂ ከዚህ ባይበልጥ ይሻላል። ስልክ ላይ ረጅም መልስ ይቆረጥና «ተጨማሪ አንብብ» የሚል ይመጣል፣ ብዙ ሰው አይነካውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ለብቻቸው መቆም መቻል አለባቸው፣ እነሱን «ስለ ጠቃሚ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን፣ ሆቴላችን...» እያልሽ ካባከንሽው ዋናው ነገር ከመጋረጃው ጀርባ ቀረ። በዛ ላይ ምስጋናው አንድ ኮከብና ስድብ ስር ሲሆን ማሽን የጻፈው ይመስላል። የሌሎች መልሶችሽንም ክፈቺና ከላይ እስከ ታች እንደ እንግዳ ሆነሽ እዪያቸው፣ አምስቱም በአንድ አረፍተ ነገር የሚጀምሩ ከሆነ ይሄኛውን የቱንም ያህል አሳምረሽ ብትጽፊው ኮፒ ፔስት ነው የሚመስለው።

ቅናሽ ወይ ነጻ ሌሊት አደባባይ ላይ አትስጪ። አንደኛ የሚቀጥለው እንግዳ ስድብ ዋጋ እንዳለው ይማራል። ሁለተኛ ሪቪው እንዲቀየር ወይ እንዲጠፋ በምትኩ ጥቅም መስጠት መድረኮቹ ላይ ክልክል ነው፣ የምትሰጪውን ነገር አንቺ ከሪቪው ጋር ባታያይዢውም ሌላው ሊያያይዘው ይችላል። ካሳ የሚገባው ከሆነ፣ ሁለት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ይገባዋል ባይ ነኝ፣ በስልክ ስጡት፣ «ሪቪውን አጥፋልን» የሚል ነገር ሳታያይዙ።

ሪፖርት አድርገን እናስጠፋው ካላችሁም አትልፉ። ጉግል ሆቴልና እንግዳ በተካሰሱበት የእውነታ ጉዳይ ውስጥ አይገባም፣ የሚያነሳው ፖሊሲውን የጣሰውን ነው፣ «ገንዘብ ቆረጡብኝ» ደግሞ የደንበኛ ልምድ ነው። ሪፖርት የሚያዋጣው ሰውየው ጭራሽ እንዳላደረ ስታረጋግጪ ነው፣ ያኔም መልሱ «ተፎካካሪ የላከው ነው» አይሆንም፣ «በመዝገባችን ከዚህ ጋር የሚገናኝ ቆይታ አላገኘንም፣ እባክዎ በዚህ ያግኙን» በቂ ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ይሄ ብዙም አይገጥምሽም፣ እዛ የሚጽፈው በነሱ በኩል ክፍል የያዘ ሰው ነው። ሌላው ልዩነት ጉግል ላይ የለጠፍሽውን መልስ በኋላ ማስተካከል ትችያለሽ፣ ትሪፕአድቫይዘር ላይ ግን ለማስተካከል አጥፍቶ እንደገና መላክ ነው፣ እንደገናም ይገመገማል። ስለዚህ እዛ የምትለጥፊውን ሁለቴ አንብቢው።

ፕሮሰርፒዮ እና ዘርቫስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2017 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ሆቴሎች ለሪቪው መልስ መስጠት ሲጀምሩ ሬቲንጋቸው በአማካይ በ0.12 ኮከብ፣ የሪቪው ብዛት ደግሞ በ12 በመቶ እንደጨመረ አግኝተዋል። ለሆቴሉ ባለቤት ይሄን ንገሪው፣ ይወዳታል። እኔ ግን ይበልጥ የያዝኩት ሌላውን ግኝት ነው፣ መጥፎዎቹ ሪቪዎች ቁጥራቸው ሲቀንስ ርዝመታቸው ጨመረ። ሆቴሉ እንደሚመልስ ያወቀ ሰው ያለ ምክንያት አይሳደብም፣ ከተሳደበ ግን ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መመለስ ከጀመራችሁ ቅሬታን በቀንና በሰዓት የመመዝገቡ ነገር ካሁን ይጀመር፣ አለበለዚያ እንግዳው ዝርዝር ይዞ እናንተ «ይቅርታ» ብቻ ይዛችሁ ትገናኛላችሁ።

መቼ ይለጠፍ ላልሽው፣ አላልሽም ግን ሁሉም ይጠይቃል፣ ዛሬ አይለጠፍ። ዛሬ ሪፖርቱን አውጪ፣ ልጅቷንና ቴክኒሻኑን አናግሪ፣ ረቂቁን ጻፊና አሳድሪው። ነገ በዛ ጉዳይ ውስጥ ላልነበረ ሰው፣ ለምሳሌ ለሃውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘሯ፣ ሪቪውውን ሳታሳያት መልሱን ብቻ ስጫት፣ ከዛ ጠይቂያት፦ ምን ተበላሽቶ ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል ወይ፣ ገንዘቡስ ምን ሆኖ ነው? ሶስቱንም ከመለሰች ጥሩ ነው። «ተናዳችኋል እንዴ?» ካለችሽ የቱ አረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ጠይቂያትና እሱን አውጪው፣ በተለይ ባለቤቱ የጨመራት አረፍተ ነገር ናት የምትሆነው። ሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ከተለጠፈ አልዘገየም። ዘረፋ፣ ጉዳት፣ የምግብ መመረዝ የሚል ክስ ቢሆን ኖሮ ግን ይሄን ሁሉ አልልሽም ነበር፣ ያን ጊዜ ጥፋት ከማመንሽ በፊት ጠበቃና ኢንሹራንስ ያዩታል፣ አደባባይ ላይ የሚጻፈው «ጉዳዩን እየተከታተልን ነው፣ በቀጥታ አግኝተንዎታል» አይነት አጭር ነገር ብቻ ነው።

እና ያልተሰራ ነገር አትጻፊ። ረቂቁ ላይ «ተረኛው ማናጀር እንግዳውን እንዲያነጋግር አድርገናል» ብያለሁ፣ ይሄ እናንተ ጋ በእውነት ካልተጀመረ አረፍተ ነገሩ ይውጣ ወይ መጀመሪያ ይጀመር። በሚቀጥለው ወር ሌላ እንግዳ «ሙቅ ውሃ የለም፣ ይመጣል አሉኝ» ብሎ ከጻፈ ያ መልስሽ ራሱ በናንተ ላይ ማስረጃ ሆኖ እዛው ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ሰውየው ሪቪውውን አስተካክሎ ወይ ጨምሮ ቢመለስ፣ ጉግል ላይ ያደርጉታል፣ ንዴት ብቻ ከሆነ የጨመረው ዝም በዪው፣ የመጨረሻው ቃል የሱ ቢሆን ምንም አትጎጂም። አዲስ ፍሬ ነገር ካመጣ ግን፣ ለምሳሌ «ሶስት ሳምንት ሆነው ገንዘቡ አልተመለሰም» ካለ፣ የድሮ መልስሽን አስተካክለሽ አንድ መስመር ጨምሪ፣ ማረጋገጫውን በዚህ ቀን ልከናል በይ፣ በእርግጥ ከላካችሁ። ስልክ ደውሎ ከተነጋገራችሁና ገንዘቡ ከተለቀቀለት ደግሞ ሪቪውን ቀይርልን ብላችሁ አትለምኑት፣ አንዳንዱ ራሱ ያስተካክለዋል፣ ባያስተካክለውም መልሱ ስሩ አለ።